ግራጫ ካርድ፦ በጣና ዳር ጥላ ሥር የተነሣን ፎቶ ከባዕድ ቀለም ማጽዳት

በባሕር ዳር ሠርግ ሲደገስ ሙሽሮቹ ሐይቁ ዳር ሳይነሡ የሚቀሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከቀኑ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐዩ ስለሚከብድ ፎቶ አንሺው ከዋርካ ወይም ከሾላ ጥላ ሥር ያቆማቸዋል። ከፊታቸው ውኃው፣ ከእግራቸው ሥር ሣሩ፣ ከራሳቸው በላይ ቅጠሉ ይሆናል። ቦታው ለዓይን ደስ ይላል፤ ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ውኃ አረንጓዴ የነካው ይመስላል፣ ፊቷም አመድ ለብሶ ይታያል። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት አንዲት የሙሽራ እናት የታተመውን አልበም ገልጠው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ የእኔ ልጅ ጠይም ናት፤ እዚህ ላይ ምን ሆና ነው እንዲህ የጠወለገችው?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ቀን የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም። መልሱ በኪስ ከሚያዝ አንድ ግራጫ ካርድ ላይ እንደሚገኝ የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

በዚህ ጽሑፍ «ባዕድ ቀለም» የምለው የነገሩ የራሱ ያልሆነውን፣ ያረፈበት ብርሃን ያመጣበትን ቀለም ነው። ከዛፍ ሥር ያለው ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ቅርንጫፉ ቀጥተኛውን የፀሐይ ጨረር ይከለክላል፤ ስለዚህ በሙሽራዋ ፊት ላይ የሚያርፈው በአብዛኛው ከሰማያዊው ሰማይና ሰማዩን ከሚያንጸባርቀው ውኃ የሚመጣው ነው። በዚያ ላይ በቅጠሉ ውስጥ አልፎ የሚወርደውና ከሣሩ ነጥሮ የሚነሣው አረንጓዴ ብርሃን ይጨመርበታል። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ሲለካ የቀትር ፀሐይ 5,500 አካባቢ ነው፤ በጠራ ሰማይ ሥር ያለ ጥላ ደግሞ ከ7,000 በላይ ይወጣል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብርሃኑ ይበልጥ ሰማያዊ ይሆናል። በአካል ቆመን ስናይ ይህን ልዩነት አናስተውለውም፤ ዓይናችንና አእምሯችን ከብርሃኑ ጋር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስለሚላመዱ ነጩን ነጭ አድርገን እናየዋለን። ካሜራው ግን የደረሰውን ብርሃን እንዳለ ይመዘግባል።

ካሜራው በራሱ እንዲያስተካክል መተው ይቻላል፤ ይህ አውቶ ዋይት ባላንስ የሚባለው ነው። ካሜራው ግን የሚያውቀው ከፊቱ ያለውን ምስል ብቻ ነው። አረንጓዴው ከብርሃኑ የመጣ ይሁን ሣሩ ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ይሁን ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ሙሽራዋን ከነሙሉ ቁመቷ በሣሩ መሐል ስናነሣት አንድ ግምት ይወስዳል፤ ቀርበን ፊቷንና ነጭ ነጠላዋን ብቻ ስናነሣ ሌላ ግምት ይወስዳል። በአንድ ቦታና በአንድ ደቂቃ የተነሡ ሁለት ፎቶዎች በአልበሙ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሁለት ሰዎች ፊት የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ግራጫው ካርድ ይህን ግምት በልኬት ይተካዋል። ካርዱ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን በእኩል መጠን እንዲያንጸባርቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። የራሱ የሆነ ቀለም ስለሌለው፣ በፎቶው ውስጥ ካርዱ ላይ የምናየው ማንኛውም ቀለም የብርሃኑ ነው። የተለመደው ካርድ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን ይመልሳል፤ ይህ ቁጥር በዋናነት የሚያገለግለው ኤክስፖዠርን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ ለመለካት ነው። ለቀለም ሥራ ዋናው ጉዳይ ሦስቱን ቀለማት ሳያዳላ መመለሱ እንጂ ግራጫው ትንሽ መድመቁ ወይም መጥቆሩ አይደለም። በተራ ማተሚያ በቤት የታተመ ግራጫ ወረቀት የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ ቀለሙ ከብዙ ቀለማት ተቀላቅሎ ስለሚሠራ በአንድ ብርሃን ግራጫ መስሎ በሌላው ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ሊያደላ ይችላል።

አሁን ወደ አንድ ፎቶ እንግባ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሙሽራዋ ዛፍ ሥር ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ቆማለች። የካሜራውን ዋይት ባላንስ ከአውቶ አውጥቼ በፀሐይ ምልክት ላይ አቆምኩት፤ ይህን የማደርገው በየፎቶው መሐል እንዳይቀያየርና የማገኛቸው ቁጥሮች እርስ በርስ እንዲነጻጸሩ ነው። ፋይሉንም በራው፣ ማለትም ካሜራው የመዘገበውን ሳያቀናብር ጥሬውን በሚያስቀምጥበት ዓይነት፣ አነሣሁት። ሚዜዋ ካርዱን ከሙሽራዋ አገጭ ሥር ያዘችልኝ፣ አንድ ጊዜ አነሣሁ፣ ካርዱ ከቦታው ተወሰደ፣ ከዚያም ሥራዬን ቀጠልኩ። በኋላ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ የመዳፊቱን ጠቋሚ ካርዱ ላይ ሳሳርፈው፣ ከ0 እስከ 255 በሚሄደው ልኬት ቀይ 106፣ አረንጓዴ 122፣ ሰማያዊ 128 አሳየኝ። ብርሃኑ ባዕድ ቀለም ባይኖረው ኖሮ ሦስቱም ቁጥሮች እኩል ይሆኑ ነበር።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ማንበብ ትዕግሥት የሚጠይቅ ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ችግሮችን ይገልጣሉ። የመጀመሪያው፣ ሰማያዊው ከቀዩ በ22 መብለጡ ነው፤ ይህ ከሰማዩ የመጣው ቅዝቃዜ ነው። ሁለተኛው ተደብቆ ያለ ነው። የቀዩና የሰማያዊው አማካይ 117 ሲሆን አረንጓዴው ግን 122 ነው። ማለትም ሰማያዊውንና ቀዩን ብናቻችላቸው እንኳ አረንጓዴው ከሁለቱም በላይ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ከቅጠሉና ከሣሩ የመጣው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በማስተካከያ ፕሮግራሞች ላይ Temp የሚለው መንሸራተቻ የሚሠራው በሰማያዊና በቢጫ መካከል ብቻ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው Tint ደግሞ በአረንጓዴና ወደ ቀይ ሐምራዊ በሚጠጋው ማጀንታ መካከል ይሠራል። ፎቶው የቀዘቀዘ መስሎት Tempን ብቻ ወደ ቢጫ የሚገፋ ሰው ከላይ ያየነውን ካርድ በግምት ወደ 117፣ 122፣ 117 ያደርሰዋል። ሰማያዊው ጠፋ፤ አረንጓዴው ግን አሁን ብቻውን ቆመ። ጠይም ፊት ላይ ይህ ልክ ወባ የያዘው ሰው ፊት ዓይነት ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ሰውየው የጎደለ መስሎት Tempን ይበልጥ ይገፋል፣ ፎቶውም ይበልጥ ይበላሻል። ችግሩ ከመንሸራተቻው መጠን ሳይሆን ከመንሸራተቻው ምርጫ ነበር። የሙሽራዋ እናት ያዩት አልበም ላይ እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

ካርዱ በፎቶው ውስጥ ካለ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማስተካከል ይቻላል። በፕሮግራሙ ውስጥ የዋይት ባላንስ ጠብታ ምልክት ያለውን መሣሪያ መርጠን ካርዱ ላይ እንጫናለን። ፕሮግራሙ አረንጓዴውን መነሻ አድርጎ ሌሎቹን ሁለቱን ከእሱ ጋር እኩል የሚያደርግ ማባዣ ያሰላል። በዓይን በሚታዩት ቁጥሮች ሲሰላ እንዲህ ነው፦

```
R: 122 / 106 = 1.15
B: 122 / 128 = 0.95
```

ይህ ማባዣ በካርዱ ላይ ብቻ ሳይሆን በፎቶው ውስጥ ባለ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ይሠራል፤ Temp እና Tint በየራሳቸው ወደ ትክክለኛ ቦታቸው ሲንቀሳቀሱ እናያለን። ከዚያ በኋላ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በዚያው ቦታና ብርሃን ወደተነሡት ሌሎች ፎቶዎች ሁሉ መገልበጥ ብቻ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፕሮግራሙ ራው ፋይል ላይ ሲሠራ የሚያባዛው በስክሪኑ የምናያቸውን ቁጥሮች ሳይሆን ብርሃኑን ከሚቀበለው የካሜራው ሴንሰር የወጣውን ጥሬ የብርሃን መጠን ነው። የስክሪኑ ቁጥሮች ለዓይን እንዲስማሙ ተጨምቀው የተጻፉ ስለሆኑ ልዩነቱን አሳንሰው ያሳያሉ። የእኛን ካርድ ቁጥሮች ወደ ብርሃን መጠን ስንመልሳቸው ማባዣዎቹ ለቀዩ 1.35፣ ለሰማያዊው 0.90 ይሆናሉ። ስለዚህ አንዳንድ ፕሮግራሞች የጥሬውን ማባዣ ሲያሳዩ ቁጥሩ ከራሳችን ስሌት ጋር ባይገጥም ስሕተት አይደለም፤ የሚለካው ነገር ስለሚለያይ ነው።

ለምን እናባዛለን፣ ለምን አንደምርም የሚለው ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ቀዩ ላይ 16 ጨምረን ከሰማያዊው 6 ብንቀንስ ካርዱ እኮ 122፣ 122፣ 122 ይሆናል። ነገር ግን የሙሽራዋን ጥቁር ፀጉር እንመልከት። በዚያው ፎቶ ውስጥ ፀጉሯ ቀይ 21፣ አረንጓዴ 24፣ ሰማያዊ 25 ነው እንበል። በመደመር 37፣ 24፣ 19 ይሆናል፤ ሹሩባዋ ሒና የተቀባ ይመስላል። በማባዛት ግን ሦስቱም 24 አካባቢ ላይ ይገናኛሉ፣ ጥቁሩም ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ብርሃን በነገሮች ላይ ሲያርፍ የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ብዙ በሚመልሰው ላይ ብዙ፣ ጥቂት በሚመልሰው ላይ ጥቂት ባዕድ ቀለም ይተዋል፤ ስለዚህ ማስተካከያውም በዚያው ልክ መሆን አለበት። በስልክ ፕሮግራሞች ላይ በጥላውና በደማቁ ቦታ ላይ ቀለም በመጨመር ለማስተካከል የሚሞክሩ ሰዎች ፎቶ ላይ ጥቁሩ ቦታ ሁሉ ቀይ ለብሶ የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ካርዱ በትክክል ተይዟል ብለን ነው። በእኔ ግምት ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ የጠብታ ምልክቱን መጫን ማንም ይችላል። ካርዱ የሚለካው በአካባቢው ያለውን ብርሃን ባጠቃላይ ሳይሆን፣ ያለበት ነጥብ ላይ ፊቱን ካዞረበት አቅጣጫ የሚመጣውን ብርሃን ነው። ከዛፍ ሥር ደግሞ ብርሃኑ በየአቅጣጫው የተለያየ ነው፤ ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች አረንጓዴ።

ይህን ለራሴ ለማረጋገጥ በዚያው ቦታ ካርዱን ሦስት ጊዜ አነሣሁት። ከፊቷ ጋር ትይዩ ሆኖ ሲያዝ ከላይ ያየናቸውን 106፣ 122፣ 128 ሰጠኝ። ሚዜዋ ክንዷ ደክሞ ካርዱን ወደ መሬት ስታዘነብለው 110፣ 127፣ 117 ሆነ፤ ካርዱ የሣሩን ብርሃን በብዛት ስለተቀበለ ሰማያዊው ወረደ። ወደ ሰማይ ቀና ሲል ደግሞ 101፣ 119፣ 131 ሆነ። በዓይን ሲታዩ ሦስቱም ፎቶዎች አንድ ናቸው። ውጤታቸውን ግን እንመልከት። ወደ መሬት ባዘነበለው ካርድ ላይ ብንጫን፣ ፕሮግራሙ ሰማያዊው የጎደለ ስለሚመስለው በ1.09 ያህል ያባዛዋል፤ የሙሽራዋ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ግን ሰማያዊ አልጎደለበትም ነበርና፣ ፊቷ ላይ የተያዘ ግራጫ ወደ 122፣ 122፣ 139 ይሄዳል። ቀድሞውኑ ቀዝቃዛ የነበረውን ፎቶ ይበልጥ አቀዘቀዝነው ማለት ነው። ወደ ሰማይ ቀና ባለው ላይ ብንጫን ደግሞ 125፣ 122፣ 116 ይሆናል፤ ፊቷ ወደ ቢጫ ይሞቃል። ካርዱ አልተሳሳተም፤ ያየውን ተናገረ። እኛ ግን የጠየቅነው ሌላ ቦታ ስላለ ብርሃን ነው።

ስለዚህ የምከተለው አያያዝ ይህ ነው። ካርዱ ከፊቷ አጠገብ፣ ፊቷ ወደሚያይበት አቅጣጫ፣ እንደ ፊቷ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሙሽራዋ ሐይቁን እያየች እኔ ከጎን የማነሣት ከሆነ ካርዱም ሐይቁን ያያል፤ ወደ እኔ የሚዞረው ገጹ እስኪታየኝ ድረስ ብቻ ነው። የያዘው ሰው ጣቶች ጠርዙ ላይ ይሁኑ፤ ካርዱን የያዘ ሰው የደመቀ ቀይ ወይም አረንጓዴ ልብስ ለብሶ ከፊቱ ከቆመ ልብሱ ራሱ በካርዱ ላይ ቀለም ይጥላል። ዣንጥላ ከተዘረጋ ይህ የባሰ ነው፤ በቀይ ዣንጥላ ሥር ያለ ሰው የሚደርሰው ብርሃን ቀይ ስለሆነ ካርዱም ሰውየውም አብረው በዣንጥላው ሥር መሆን አለባቸው። ካርዱ ላይ ብልጭ የሚል ነጸብራቅ ካየሁ በጥቂቱ አዞረዋለሁ፤ ነጸብራቁ የካርዱን ሳይሆን የሰማዩን ቀለም ስለሚያሳይ ነው። ስጫንም ከካርዱ መሐል፣ ከጥላና ከጠርዝ ራቅ ያለ ቦታ እመርጣለሁ፤ ፕሮግራሙ የሚለካውን ቦታ ስፋት ማስተካከል የሚያስችል ከሆነ ሰፊውን እወስዳለሁ፣ አንድ ነጥብ ብቻ ሴንሰሩ በዘፈቀደ በሚፈጥረው የቀለም መዛባት ሊሳሳት ስለሚችል።

ካርድ በሌለበት ቀን ብዙዎቻችን ነጠላውን እንደ ካርድ እንጠቀማለን። ነጭ ነው፣ ሁልጊዜም አለ። ነገር ግን በሁለት ነጠላዎች ላይ ያደረግሁት ልኬት ይህን ልማድ አስተወኝ። በካርዱ የተስተካከለ አንድ ፎቶ ላይ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዷ የእጅ ፈትል ነጠላ ለብሳለች፣ ሌላዋ በፋብሪካ ክር የተሠራና በዱቄት ሳሙና ደጋግሞ የታጠበ። የእጅ ፈትሉ 226፣ 221፣ 209 ነበር፤ ጥጡ ራሱ ወደ ወተት የሚያደላ የተፈጥሮ ቀለም ስላለው ሰማያዊው ይጎድለዋል። የሌላዋ 221፣ 222፣ 232 ነበር። በዱቄት ሳሙናና በፋብሪካ ክር ውስጥ የሚጨመሩ ማንጫዎች ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብለው ሰማያዊ አድርገው ስለሚመልሱት፣ ጨርቁ ከደረሰው የሚታይ ብርሃን በላይ ሰማያዊ ያወጣል። በፈትሉ ላይ የተጫነ ሰው ፎቶው ሁሉ ወደ ሰማያዊ ይሸሽበታል፤ በሌላው ላይ የተጫነ ደግሞ ወደ ቢጫ። የጽሕፈት ወረቀትም እንደ ሁለተኛው ነጠላ ማንጫ አለበት፤ ስለዚህ ከማስታወሻ ደብተር ላይ የተገነጠለ ገጽ ምትክ አይሆንም።

በራው ፈንታ ካሜራው ራሱ አቀናብሮ የሚያስቀምጠውን ጄፔግ የሚያነሣ ሰው ካርዱን ቀድሞ በካሜራው ውስጥ ቢጠቀምበት ይሻላል። በካኖን ካሜራ ካርዱን ካነሡ በኋላ ከሜኑው Custom White Balance ውስጥ ያንኑ ፎቶ መርጦ ዋይት ባላንሱን ወደዚያ ማዞር ነው፤ በኒኮን ይኸው ሥራ PRE በሚለው ምልክት ይሠራል። ከተነሣ በኋላ ጄፔግን ማስተካከል የሚከብድበት ምክንያት ሙሽራዋ ቀሚስ ላይ በግልጽ ይታያል። በቀሚሱ ደማቅ እጥፋት ላይ ቀይ 222 ሆኖ አረንጓዴና ሰማያዊ ሁለቱም ጣሪያውን ነክተው 255 ላይ ቆመዋል እንበል። ሰማያዊው በእውነት ከ255 በላይ ነበር፤ ልኬቱ ስላለቀ ብቻ ነው የቆመው። ማባዣችን ሲያርፍበት ቀዩ ወደ 255 ይወጣል፣ አረንጓዴው ባለበት ይቀራል፣ ሰማያዊው ግን ወደ 243 ይወርዳል። የተቀረው ቀሚስ ነጭ ሆኖ ሳለ ደማቁ እጥፋት ብቻ ቢጫ ይሆናል። ፊቱ ጸድቶ ነጩ ልብስ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ካየሁ ማስተካከያው ሳይሆን ኤክስፖዠሩ እንደበዛ አውቃለሁ። ራው ፋይል ለዚህ ጥቂት ትርፍ ይሰጣል፣ እሱም ቢሆን ካለቀ አለቀ።

አንድ የካርድ ፎቶ ለስንት ጊዜ ያገለግላል? ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ ነው። ሙሽሮቹ ከጥላው ወጥተው ወደ ፀሐዩ ከሄዱ፣ ደመና ከሸፈነ ወይም ከሣሩ ወደ ሲሚንቶው መተላለፊያ ከተሻገሩ አዲስ ፎቶ ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ቢቆሙም በየ20 ደቂቃው አንድ ጊዜ ካርዱን አስይዛለሁ፤ ሁለት ሴኮንድ የሚፈጅ ሥራ ነው።

ካርዱ የማይፈታቸው ነገሮች አሉ፤ ከእነሱ ዋነኛው በአንድ ፎቶ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲገናኝ ነው። በዘጌ ገዳማት ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። በኡራ ኪዳነ ምሕረት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች የሚያበራው በበሩ የሚገባው የቀን ብርሃን ነው፤ እሱም ከውጭ በዙሪያው ካለው ደን አረንጓዴ ተቀብሎ ይገባል። እዚያው ጧፍ ከበራ የጧፉ ብርሃን ከ2,000 ኬልቪን በታች ነው። ካርዱ በሩ አጠገብ ቢያዝ የሥዕሉ ቀለም ይስተካከላል፣ ጧፉ አጠገብ ያሉት ምዕመናን ፊት ግን ብርቱካን ይሆናል፤ ጧፉ አጠገብ ቢያዝ ፊቶቹ ይስተካከላሉ፣ ሥዕሉ ግን ሰማያዊ ይለብሳል። ለሥዕል ካርዱ የግድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሙሽራን ፊት ከትዝታችን ልናስተካክለው ብንችል እንኳ የአንድ አሮጌ ሥዕል ቀይ ምን ዓይነት ቀይ እንደነበር በትዝታ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ እዚያ ካርዱን ከሥዕሉ ገጽ ጋር አስተካክዬ ይዤ፣ ለሥዕሉ ብቻ እለካለሁ፤ የጧፉን ሙቀት እንዳለ እተወዋለሁ።

ሌላው፣ የብርሃኑ ምንጭ አንዳንድ ቀለማትን ጨርሶ የማይሰጥ ከሆነ ነው። ርካሽ በሆኑ ኤልኢዲ አምፖሎች በተሞላ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ካርዱን ግራጫ ማድረግ ይቻላል፤ ፊት ግን ሞት የቀላቀለው መስሎ ይቀራል። ካርዱ የሚያቻችለው ሦስቱን ቁጥሮች ነው እንጂ ያልበራ ቀለም አይጨምርም። ካርዱ እኩል ሦስት ቁጥር እያሳየ ፊቱ ካልተስተካከለ ምክንያቱ ብርሃኑ መሆኑን በዚህ እለያለሁ፤ በዚያን ጊዜ ማስተካከያው ሰውን ወደ ድንኳኑ አፍ፣ ወደ ቀኑ ብርሃን ማውጣት ብቻ ነው።

የጀንበር ጥልቀት ደግሞ የፍርድ ጉዳይ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል ፀሐይ ከጣና ላይ ስትወርድ ካርዱን ሙሽራዋ ፊት ላይ አነሣሁ፣ ፕሮግራሙም Temp 3,800 ላይ አቆመው። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ቀሚሱ ነጭ ሆነ፣ ፊቱም ቀን የተነሣ መሰለ። ውኃው ላይ የነበረው ወርቅ ግን ጠፋ። በዚያ ሰዓት ዓይናችንም ሙሉ በሙሉ አይላመድም፤ ብርሃኑን ሙቅ አድርገን ነው የምናየው። ስለዚህ ከካርዱ ልኬት ተነሥቼ Tempን ወደ 4,800 መለስኩት፤ Tintን ግን ካርዱ ባቆመበት ተውኩት፤ የጀንበር ብርሃን አረንጓዴ እንዲሆን የሚፈልግ የለምና። ካርዱ እዚህ ያገለገለኝ ማቆሚያ ሳይሆን መነሻ ሆኖ ነው።

በመጨረሻ ስለ ካርዱ ራሱ። ፀሐይ ላይ የተተወ፣ በላብና በቅባት እጅ የተያዘ ካርድ ከጊዜ በኋላ ራሱ ቀለም ያበጃል፤ ያን ጊዜ የምንለካበት ሚዛን ተዛብቷል። የእኔን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬ እይዛለሁ፣ በዓመት አንድ ጊዜም ቀትር ላይ ከአዲስ ካርድ ጋር ጎን ለጎን ዘርግቼ በአንድ ፎቶ አነሣቸዋለሁ። በአዲሱ ላይ ተጭኜ ዋይት ባላንሱን ካስተካከልኩ በኋላ ጠቋሚውን ወደ አሮጌው እወስዳለሁ፤ ሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ከ2 ወይም ከ3 በላይ ከተለያዩ አሮጌውን አስወግደዋለሁ።